መርከብና በግ በእንግሊዝኛ፦ ባሳጥረውም ልዩነቱ አልወጣ አለኝ

ሰላም_ፍራንኮ

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። አዳማ ውስጥ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው። እንደምታውቁት ከተማችን የስብሰባ ከተማ ናት፤ ከውጭ የሚመጣ እንግዳም አይጠፋም። እንግሊዝኛዬ ለሥራው ያህል ይበቃል ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ግን አንድ ነገር እያስቸገረኝ ነው።

በቀደም አንድ እንግሊዛዊ እንግዳ «አዳማ ነው የምትኖሪው?» አለኝ። እኔም «አዎ፣ እዚሁ ነው የምኖረው» ብዬ በእንግሊዝኛ መለስኩ። ሰውየው ፊቱን ቅር አለው። «መቼ? ወዴት?» አለኝ። ለካ «እለቃለሁ» ያልኩ መስሎት ኖሯል። መኖርና መልቀቅ ለእኔ ጆሮ ፍጹም አንድ ናቸው። መርከብና በግም እንደዚያው።

አሠልጣኛችን አንዱን «ሳቢው»፣ ሌላውን «አሳጥሪው» ብሎኛል። አደርጋለሁ። ሳሳጥረውም በግ ነው የሚሉኝ። ሌላው ጭንቀቴ ደግሞ አንሶላ የሚለው ቃል ነው። ትንሽ ከተበላሸ ስድብ ይሆናል ሲሉ ስለሰማሁ በቃ አልጠራውም፤ «የአልጋ ጨርቅ» እያልኩ ነው የማልፈው። የቤት አያያዝ ክፍል ልጆችም እንደ እኔ ይፈሩታል።

ይህን ነገር በትክክል ያለፋችሁት ካላችሁ እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ። «ብዙ ፊልም ተመልከቺ» የሚለውን ሰምቻለሁ፤ ከዚያ የተለየ ነገር ካለ።

---

ኦብሳ_መምህር

ሰላም እህቴ። እዚሁ አዳማ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አሠልጣኝሽ ያለሽ ልክ ነው፤ ጉዳዩ የርዝመት ነው። የሚያስቸግረው አማርኛ ተናጋሪዎችን ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ አናባቢን በመሳብ ብቻ የቃል ትርጉም አይለውጥም። አማርኛ የሚያጠብቀው ተነባቢን ነው። «አለ» ሲላላ የተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ የኖረ ነው።

እኛ ኦሮምኛ የምንናገር ግን ጆሯችን ለአናባቢ ርዝመት ክፍት ነው። «ለፋ» መሬት ነው። «ላፋ» ብለህ ስትስበው ለስላሳ ይሆናል። በቁቤ ስንጽፈውም አንዱን በአንድ ፊደል፣ ሌላውን በድርብ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን «በጉን በድርብ፣ መርከቡን በነጠላ አንብቡት» እላቸዋለሁ። ይገባቸዋል፤ ሲናገሩም የሚሰማቸው ሰው ይረዳቸዋል።

አንቺም ኦሮምኛ የምትናገሪ ከሆነ በዚያ ተነሺ። ካልሆነም በጉን ስትዪ ሁለት እጥፍ ያህል ቆይበት። ዋናው ድፍረት ማግኘት ነው።

---

ቶሌ_ባጃጅ

እኔን የገጠመኝም ይሄው ነው። ፈረንጅ ጭኜ ሂሳብ ስነግረው 50 ስለው 15 ይሰማል። 15 ስለው 50 ያወጣል። አንዷ እንዲያውም «ቅድም 15 ብለኸኝ አሁን 50 ትላለህ» ብላ ተቆጣችኝ፤ እኔ ግን ከመጀመሪያውም 50 ነው ያልኩት። አሁን በጣቴ ነው የማሳየው። ሰላም፣ አንቺም የክፍል ቁጥር ስትናገሪ 13 እና 30 ላይ ተጠንቀቂ። ረዥምና አጭር የሚሉት እሱን መሰለኝ?

---

ወርቁ_ዘአዳማ

እንደምን አመሻችሁ። ለብዙ ዓመት የእንግሊዝኛን ድምፅ አስተምሬአለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጥያቄው ደስ ስላለኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ቶሌ ልጄ፣ ያንተ ችግር ሌላ ነው። 15 እና 50 የሚለዩት በዋናነት በጉልበት ነው። 50 ሲባል ጉልበቱ መጀመሪያው ላይ ያርፋል፤ ሁለተኛው ክፍል ደከም ይላል። 15 ሲባል የመጨረሻው ክፍል ይነሣል፤ «ን»ውም ጥርት ብሎ ይሰማል። መጨረሻውን ከፍ አድርገህ «ን»ውን አትዋጠው። ለገንዘብ ከሆነ ደግሞ «አምስት ዜሮ» ብለህ ቁጥሩን ለይተህ ጨምርበት። ፈረንጆቹም ስልክ ላይ እንደዚያ ያደርጋሉ።

ወደ ሰላም ጥያቄ ልመለስ። ኦብሳ ስለ ኦሮምኛ ያለው እውነት ነው። ስለ እንግሊዝኛው ያለው ግን ግማሹ ነው። መርከቡና በጉ በመጀመሪያ የሚለያዩት በርዝመት አይደለም። በምላስ ቦታ ነው። በበጉ ምላስ ወደ ላንቃ ተጠግታ ትወጠራለች፣ ከንፈርም ፈገግ ይላል። በመርከቡ ምላስ ትንሽ ዝቅ ትላለች፣ ላላም ትላለች፣ ወደ አፍ መካከልም ሸሸት ትላለች። ስለዚህ አንቺ የበጉን ድምፅ በአጭሩ ስትዪው ያው በግ ነው፤ በአጭሩ የተጠራ በግ።

እንግሊዝኛ ርዝመትን ለሌላ ሥራም ይጠቀምበታል። ቃሉ በፕ፣ በት፣ በክ፣ በስ ሲዘጋ ከፊቱ ያለው አናባቢ ይቆረጣል። በብ፣ በድ፣ በግ፣ በዝ ሲዘጋ ይለቀቃል። ውጤቱ ምን መሰላችሁ? መምታት፣ beat፣ በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ረዥም» የተባለው አናባቢ፣ ጨረታ ላይ ዋጋ ማቅረብ፣ bid፣ በሚለው ቃል ካለው «አጭር» ከተባለው አናባቢ ጋር በጊዜ ይቀራረባል። የመጀመሪያው በት፣ ሁለተኛው በድ ስለሚያልቁ ነው። ርዝመትን ብቻ የያዘ ተማሪ እዚህ ላይ ይጠፋል።

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ፤ መፍትሔው እዚያ ስላለ። በጉን በሣልስ ጻፉት፦ ሺፕ። ሺ ብር ስትሉ ያለው «ሺ» ነው። መርከቡን ደግሞ በሳድስ ጻፉት፦ ሽፕ። የሚነበበው ግን «ሽፍታ» ስትሉ እንዳለው «ሽ» ነው። እስኪ «ሽፍታ» በሉና «ታ» ሳትደርሱ ቁሙ። «ሽፍ»። ያ አናባቢ የመርከቡ አናባቢ ነው ማለት ይቻላል።

ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉ፣ የአማርኛ ሳድስ በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም። ከሽ፣ ከች፣ ከጅ፣ ከይ በኋላ ሲመጣ ወደ ፊት ይሳባል፤ ወደ ኢ ይጠጋል፣ ኢ ግን አይሆንም። «ችግር» እና «ጅብ» በሉና አዳምጡት። «ስም» ላይ ያለው ሳድስ ግን ወደ አፍ መሐል ነው። ጆሯችን ሁለቱንም «ሳድስ» ብሎ ስለሚመዘግብ ልዩነታቸውን ልብ አንለውም።

ሰላም፣ ስለ አንሶላው አትጨነቂ። አንሶላ የበጉ አናባቢ ነው ያለው፤ ሺት። አንቺ ደግሞ ኢን በደንብ ትያለሽ። ስድቡ የሳድሱ ነው። አንቺ እስካሁን ሳድሱን ከነጭራሹ ስለማትዪው፣ ልትሳደቢ ብትፈልጊ እንኳ አንሶላ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከነገ ጀምረሽ ቃሉን ጥሪው። ችግርሽ ያለው በሌላው ወገን ነው፦ መኖር፣ መሙላት፣ መቀመጥ፣ «የእሱ» የሚለው ቃል፣ «ይህ» የሚለው ቃል። ሳድስ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው።

---

ሰላም_ፍራንኮ

ጋሽ ወርቁ እግዜር ይስጥልኝ። ለካ የማልፈራውን ነው ስሳሳት የኖርኩት። ቅጽ ስሰጥ በየቀኑ «እባክዎ ይህን ይሙሉ» እላለሁ፤ ያ ሁሉ «ይህ ይሰማዎት» እየሆነ ነው የወጣው ማለት ነው።

«ሽፍ» ብዬ ስቆም ይሰማኛል። ሌላ ድምፅ ነው። ግን «መኖር» ላይ ሽ የለም፤ በ«ል» ነው የሚጀምረው። «ልቭ» ስል ያ «ሽፍታ» ላይ ያለው አይመጣልኝም። ሌላ፣ ወደ ውስጥ የገባ ነገር ነው የሚሆነው።

---

ሜሪ_ሐዋሳ

ከሐዋሳ ነኝ። እኔ አይልትስ ለመፈተን ስዘጋጅ ነው ይህን ያወቅሁት። የእኔ ጉዳይ ከሰላም ይለያል፤ መናገሩ ላይ ሳይሆን ማዳመጡ ላይ ነው የተሰናከልኩት። ቅጂውን እየሰማሁ ባዶ ቦታ ስሞላ «ርካሽ» መሆን ያለበትን «የድንች ጥብስ» አድርጌ ጻፍኩት።

አስቤ ስደርስበት እኛ ከልጅነት ጀምሮ የተዋስናቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ በሣልስ ነው የገቡት። ፊልም፣ ቲኬት፣ ዲሽ፣ ሲም ካርድ። በመንገድ የሚሸጠውን ጥብስም ብዙ ሰው «ቺፕስ» ነው የሚለው። በእንግሊዝኛ ግን እነዚህ ሁሉ የመርከቡ አናባቢ ናቸው፤ አንዳቸውም ላይ የበጉ የለም። እኔ እንግዲህ እንግሊዝኛ ስሰማ «ፊልም» የሚለውን የራሴን ቃል ይዤ ነው የማዳምጠው። ጋሽ ወርቁ ያሉትን ሳነብ ነው ምክንያቱ የገባኝ።

ያገዘኝ ነገር የተለያየ ሰው ድምፅ መስማት ነው። መጀመሪያ አንድ ቅጂ ብቻ ደጋግሜ ስሰማ ያንን ሰውዬ ለየሁት፤ ሌላ ሰው ሲናገር ግን ዜሮ። ወንድም ሴትም፣ አሜሪካዊም እንግሊዛዊም አድርጌ ስቀላቅል ነው ጆሮዬ የተከፈተው።

የእኔ ጥያቄ፦ ሲዳምኛ የሚናገሩ ጓደኞቼ ከእኔ ይልቅ ቶሎ ለዩት። እንደ ኦሮምኛው ርዝመት ስላላቸው ነው?

---

ዳኒ_ድምፅ

ሰላም ለሁላችሁ። ስቱዲዮ ውስጥ ነው የምሠራው። ክሩን ሳነብ ነገሩን በዓይን ማየት አማረኝ። ሰላምን በቴሌግራም ቃላቱን ቀድታ እንድትልክልኝ ጠየቅኋት፤ ፈቅዳልኝ ነው እዚህ የምጽፈው። የተጠቀምኩት Praat የሚባለውን ፕሮግራም ነው። አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሁለት ምሁራን የሠሩት ነው፣ በነፃ ይወርዳል።

ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ አናባቢ የሚያወጣቸው ቁጥሮች አሉ፤ ሁለቱን ብቻ ነው የምንፈልገው። የመጀመሪያው ምላስ ዝቅ ስትል ይጨምራል። ሁለተኛው ምላስ ወደ ኋላ ስትሸሽ ይቀንሳል። በ1952 ፒተርሰንና ባርኒ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአሜሪካውያንን አናባቢ ለክተው ነበር። በሴቶቹ አማካይ የበጉ 310 እና 2790 ሄርዝ ነው። የመርከቡ 430 እና 2480። ከአንዱ ወደ ሌላው የመጀመሪያው ቁጥር ወጣ፣ ሁለተኛው ወረደ።

ሰላም የላከችው የመጀመሪያ ቅጂ ላይ በጉ 340 እና 2700 አካባቢ ነው። ጥሩ ነው። መርከቡ ደግሞ 345 እና 2680 አካባቢ። ያው ነው! የተለወጠው ጊዜው ብቻ ነው፤ በጉ የመርከቡን እጥፍ ያህል ይቆያል። አሠልጣኟ ያሏትን በትክክል አድርጋዋለች ማለት ነው። ምላሷ ግን ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

ሁለተኛው ቅጂ «ሽፍታ» ብላ ከዚያ መርከቡን የጠራችው ነው። 420 እና 2400 ሆነ። ሰዎች፣ ይህ እንግሊዝኛው ነው!

ሦስተኛው መኖር የሚለው ነው። «ልቭ» ስትል የመጀመሪያው ቁጥር 430 አካባቢ ነው፣ እሱ ደህና። ሁለተኛው ግን 1850 ላይ ወደቀ። ምላሷ ወደ ኋላ ሸሽታለች። «ወደ ውስጥ የገባ» ያለችው በጆሮዋ ልክ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህን ቁጥሮች ከራሳችሁ ጋር እንደ ፈተና ውጤት አታስተያዩ። የሰው ጉሮሮና አፍ መጠኑ ይለያያል፤ የወንድ ቁጥር ከሴት ያንሳል። የሚጠቅመው በራሳችሁ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት ነው። ፕሮግራሙም ድምፅ በሚበዛበት ቦታ በተቀዳ ነገር ላይ ቁጥሩን ያምታታል፤ መኝታ ቤት በር ዘግታችሁ ቅዱ።

---

ኦብሳ_መምህር

ዳኒ የሚገርም ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ጋሽ ወርቁን አንድ ነገር ልሞግት። እኔ ርዝመት ብቻ ነው ያስተማርኩት። ልጆቹ ግን መርከቡን ሲሉ መርከብ ሆኖ ነው የሚሰማው። በክልሉ የመጡ የውጭ በጎ ፈቃደኞች ሰምተዋቸዋል፣ ግራ የተጋባ የለም። ርዝመት ካልሠራ እንዴት ተረዷቸው?

ደግሞም የክፍሌን ሁኔታ አስቡ። ክፍሉ ሙሉ ነው፣ ልጅ ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚጮኸው። «ምላስህን ትንሽ ዝቅ አድርግ» ብዬ የማንን አፍ አያለሁ? «ሳበው፣ ቁረጠው» ግን የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለውም ይገባዋል።

---

ወርቁ_ዘአዳማ

ኦብሳ፣ ጥሩ ሙግት ነው። የሚመስለኝን ልንገርህ። የኦሮምኛ አጭሩ ኢ እና ረዥሙ ኢ በርዝመት ብቻ አይለያዩም። አጭሩ ትንሽ ላላ ይላል። ስለዚህ ልጆችህ «በነጠላ» ሲያነቡ ምላሳቸው ሳያውቁት ዝቅ ትላለች። አንተ ርዝመት አዘዝካቸው፣ እነሱ የምላሱንም ጨምረው ሰጡህ። አማርኛ ብቻ የሚናገር ልጅ ግን ይህ ስጦታ የለውም፤ ሲያሳጥር የሰላም ቅጂ ላይ ያየነው ነው የሚሆነው። ሜሪ፣ ሲዳምኛም አጭርና ረዥም አናባቢ አለው። ጓደኞችሽ በዚያ ነው የተጠቀሙት ብዬ እገምታለሁ፤ እኔ ግን ሲዳምኛን በጆሮዬ አላጠናሁትም።

የሚሰማው ሰው ከየት እንደመጣም ለውጥ አለው። የደቡብ እንግሊዝ ሰው ለርዝመትም ጆሮ ይሰጣል። ስኮትላንዳዊ ግን ለዚህ ጥንድ ርዝመቱን እምብዛም አይጠቀምበትም፤ እሱ ዘንድ በጉ ራሱ አጭር ነው። አሜሪካዊም ይበልጥ የምላሱን ነው የሚሰማው። ስለዚህ ምላሱን የያዘን ሰው ሁሉም ይረዳዋል። ርዝመቱን ብቻ የያዘ እንደ ሰሚው ነው።

ሰላም፣ አሁን «ልቭ»ን እንያዝ። ከ«ሽ» ወደ «ል» በአንዴ አትዝለዪ። መጨረሻው አንድ ዓይነት የሆነ የቃል መሰላል ሥሪ። ከመርከቡ ተነሺ፦ ሽፕ። ቀጥሎ የድንች ጥብሱን ያለ መጨረሻው «ስ» በዪው፦ ችፕ። ሁለቱም ላይ ሳድሱ በራሱ ወደ ፊት ስለሚመጣ ችግር የለም። ቀጥሎ የልብስ ዚፕ፦ ዝፕ። እዚህ ነው ፈተናው፤ እኛ ዚፕ በሣልስ ነው የለመድነው። ከዚያ ለአስተናጋጅ የሚሰጠው ጉርሻ፦ ትፕ። ከዚያ ከንፈር፦ ልፕ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ፦ ሽፕ፣ ችፕ፣ ዝፕ፣ ትፕ፣ ልፕ። የሚለወጠው የመጀመሪያው ተነባቢ ብቻ ነው። አናባቢው ንቅንቅ ማለት የለበትም። «ልፕ» ላይ ወደ ውስጥ ከሸሸብሽ ወደ «ችፕ» ተመልሰሽ እንደገና ውጪ። ሲደላደል ብቻ የመጨረሻዋን «ፕ» በ«ቭ» ቀይሪ።

ጣትሽን አገጭሽ ላይ አድርጊ። «ሊ» ብለሽ ያዢ፣ ከዚያ ላላ አድርጊው። አገጭ ጥቂት ዝቅ ሲል ይሰማሻል። ብዙ ከወረደ ግን «ሌ» ይሆናል። መርከቡ ላይ ይህ ከሆነ «ሼፕ» ይወጣል፤ እሱ ደግሞ ቅርጽ የሚል ሌላ ቃል ነው። ሺፕ፣ ሽፕ፣ ሼፕ በተራ እያልሽ መሐሉን ፈልጊው።

አንድ ነገር ልጨምር። መሳሳትሽ ካልቀረ ወደ ሳድስ ተሳሳቺ እንጂ ወደ ሣልስ አትሳሳቺ። ያ ወደ ውስጥ የገባው «ልቭ»ሽ እንግዳ ቢመስልም «መልቀቅ» ተብሎ አይሰማም። ኒውዚላንዳውያን ራሳቸው ይህን አናባቢ ወደ አፍ መሐል ስበው ነው የሚሉት፤ ከእኛ የ«ስም» ሳድስ ብዙም አይርቅም። ወደ ሣልስ የሄደ ግን ሌላ ቃል ሆኖ ቀረ።

የኦብሳ ክፍል ጉዳይ ግን ከባድ ነው። ለሙሉ ክፍል «ሽፍታ» እና «ሺ ብር» የሚለው ከኋላ ወንበርም ይሰማል ብዬ አስባለሁ። ሞክረውና ንገረን።

---

ሜሪ_ሐዋሳ

ሰላም፣ መለየትሽን የምታውቂው ራስሽን በመስማት ብቻ አይደለም። የራስ ጆሮ ያዳላል። 10 ወረቀት ቁረጪ፤ አምስቱ ላይ ሊቭ፣ አምስቱ ላይ ልቭ ጻፊ። በውዝና አንድ በአንድ አንብቢ፤ ጓደኛሽ ሳታይ የሰማችውን ትጻፍ። ከ10 አምስት ከሆነ ግምት ነው፣ ሳንቲም ብትወረውርም አምስት ያህል ታገኛለች። ዘጠኝ ከሆነ ግን በአጋጣሚ አይደለም። ጓደኛሽ ራሷ መለየት የምትችል መሆን አለባት፤ ያለበለዚያ የማን ስሕተት እንደሆነ አይታወቅም።

---

ሰላም_ፍራንኮ

ተመልሼ መጣሁ። መሰላሉን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሌሊት ፈረቃ ላይ ሠራነው፤ ሌሊት እንግዳ ስለሌለ ይመቻል። እሷ ከድሮም ጆሮዋ ጥሩ ነው።

በወረቀቱ መጀመሪያ ከ10 ስድስት ነው ያገኘችልኝ። የሳትኳቸውን ስናይ ሁሉም ልቭ የተጻፈባቸው ናቸው፤ ሊቭ አድርጌ ነው ያነበብኳቸው። «ትፕ» ላይ ነበር የምወድቀው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሣልስ ይሆናል። ጋሽ ወርቁ እንዳሉት ወደ «ችፕ» እየተመለስኩ ደጋገምኩት። አሁን በመርከቡና በበጉ ዘጠኝ ደርሻለሁ። በመኖርና በመልቀቅ ስምንት። ብቻዬን ቃሉን ስጠራው ነው ይህ። አረፍተ ነገር ውስጥ ፈጠን ብዬ ስናገር ግን አሁንም ይሸሻል፤ በተለይ «የእሱ» የሚለው ላይ። «የእሱ ቁልፍ» ልል ሳስብ «እሱ ቁልፍ ነው» እላለሁ።

አንሶላውን ግን ጠራሁት። ለእንግዳ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፤ አንሶላው መጣ። ለቤት አያያዝ ልጆችም ነገርኳቸው።

---

ወርቁ_ዘአዳማ

ጎበዝ። ስምንት ገና አያስተማምንም፣ ዘጠኝ ይሻላል። አረፍተ ነገሩ ጊዜ ይወስዳል። ለ«የእሱ» ከቃሉ ጋር የምትጠቀሚባቸውን ሐረጎች ብቻ ያዢ፤ የእሱ ክፍል፣ የእሱ ቁልፍ፣ የእሱ ሻንጣ። ሌላውን ለጊዜው ተዪው።

---

ኦብሳ_መምህር

«ሽፍታ» እና «ሺ ብር»ን ሞከርኩት። አማርኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑት ላይ ሠርቷል። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ላይ ግን ከበፊቱ የተለየ ነገር አላየሁም፤ እንዲያውም ሁለት ልጆች «ሽፍታ»ን ይዘው ወደ መሐል ስበው አበላሹት። ስለዚህ ለእነሱ ነጠላና ድርቡን አልተውም። ጋሽ ወርቁ ባይስማሙም።

---

ወርቁ_ዘአዳማ

አልስማማም፤ ግን ልጆችህን የምትሰማቸው አንተ ነህ። ዳኒ ጊዜ ካለው የእነሱን ድምፅ ቢለካ ደስ ይለኛል።

---

ዳኒ_ድምፅ

ወላጅ ከፈቀደ እመጣለሁ። ቀጂውን ይዤ።

---

ቶሌ_ባጃጅ

እኔ የመጨረሻውን ከፍ አድርጌ 15 አልኩ፣ ገባቸው። ለ50 ግን አሁንም ጣቴን አልተውኩም፤ ገንዘብ ነው።

---

ሰላም_ፍራንኮ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጋሽ ወርቁ። ሆቴሉ መዋኛ አለው። በሩ ላይ ደግሞ «ሳብ» የሚል ተለጥፏል። መዋኛና መሳብም በእኔ አፍ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ፑል»። እሱስ በሳድስ ይወጣል?

---

ወርቁ_ዘአዳማ

ይወጣል፤ ግን በሌላ በር ነው። መዋኛው የእኛ ካዕብ ነው፣ ከንፈር ሹል ብሎ። «ፑ» እንደምትዪው። መሳብ ደግሞ ላላ ያለው ነው። እሱን «ውድ» የሚለው ቃላችን ውስጥ ታገኚዋለሽ፤ ዋጋው ውድ ነው ስትዪ። ሳድስ ከ«ው» በኋላ ሲመጣ ከንፈር ይከበዋል። እንጨት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ውድ»ን ሳታጠብቂ ካልሽው ደርሰሻል ማለት ነው። ከዚያ ያንኑ መሰላል፦ ከእንጨት ወደ «ጥሩ»፣ ከ«ጥሩ» ወደ «ሙሉ»፣ ከ«ሙሉ» ወደ «ሳብ»። «ጥሩ» ላይ ጉድ ብለሽ በካዕብ እንዳትዪው ተጠንቀቂ፤ የምንሳሳተው እዚያ ነው።

በዚህኛው ጥንድ ግን ብዙ አትድከሚ። በዚህ ብቻ የሚለያዩ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ በር ላይ ቆሞ መዋኛ የሚፈልግ እንግዳም የለም። ጉልበትሽን ለ«የእሱ»፣ ለ«ይህ»ና ለ«ሙላ» አውዪው። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትያቸው አንቺ ታውቂያለሽ።